ማንኪያው ወንድ፣ ሹካዋ ሴት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው ዝግጅታችን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት። እርሳስና ወረቀት በአጠገባችሁ ካለ ያዙ። ወጥ እያማሰላችሁ ወይም መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጆሯችሁ ይበቃል፤ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ደጋግሜ እላቸዋለሁ።

ከማዕድ ቤት እንነሣ። ጠረጴዛ ላይ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ካርቶን ታሽገው የመጡ ናቸው እንበል። ጀርመኖች ማንኪያውን «ዴር ሌፍል» ይሉታል። ሹካውን «ዲ ጋብል»። ቢላውን «ዳስ ሜሰር»። ልድገመው፤ ዴር ሌፍል፣ ዲ ጋብል፣ ዳስ ሜሰር። ሌፍል የሚለውን ስትሉ አፋችሁ «ሌ» ሊል ሲሰናዳ ከንፈራችሁን እንደ ፉጨት አሹሉት፤ ትክክለኛው ድምፅ እዚያ አካባቢ ነው።

ዴር፣ ዲ እና ዳስ አርቲክል የሚባሉት ናቸው። ከስሙ ፊት ቆመው «ይኼ የምታውቀው፣ የተለየው ዕቃ» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። ዴር የተባዕታይ፣ ዲ የአንስታይ፣ ዳስ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነው የገለልተኛው ፆታ ነው። እንግዲህ በጀርመንኛ ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት፣ ቢላ ደግሞ ወንድም ሴትም ያልሆነ መሆኑ ነው። ለምን ብላችሁ ማንኪያውን ብታገላብጡት መልስ አታገኙበትም።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለንም። ጀርመኑ ከስሙ ፊት የሚያስቀምጠውን እኛ ከስሙ ጀርባ እንቀጥለዋለን። «ልጁ» ስንል ወንድ ነው፤ «ልጅቷ» ስንል ሴት ናት። ዕቃም ላይ ስንደርስ «መኪናው» ወይም «መኪናዋ» እንላለን። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ይባል ወይስ መኪናዋ የሚለውን የሚወስነው ተናጋሪው ነው። ሾፌር መኪናውን ሲወዳት፣ ሲያሞካሻት «ይቺ መኪና አታውቋትም» ይላል። በማግስቱ መንገድ ላይ ስታቆመው ደግሞ «ይሄ መኪና ሊገለኝ ነው» ሊል ይችላል። አንድ ነገር ትንሽ ሲሆን፣ ሲያምር፣ ሲወደድ ወደ ሴት እናዞረዋለን፤ ግዙፍ ሲሆን ወይም ሲያናድደን ወንድ እናደርገዋለን። ማንም ተነሥቶ «ተሳስተሃል፣ መዝገበ ቃላት ተመልከት» አይለንም።

ጀርመንኛ ይህን ነፃነት አይሰጥም። መኪና በጀርመንኛ አውቶ ይባላል፤ ዳስ አውቶ። ብትወዱትም ብትጠሉትም ዳስ ነው። ያንኑ መኪና፣ ያው በር ላይ የቆመውን፣ ቫገን ብላችሁ ልትጠሩትም ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ዴር ቫገን ይሆናል። መኪናው አልተለወጠም፤ ጎማው ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው፤ ከስሙ ጋርም ፆታው ተለወጠ። ስለዚህ ፆታው የዕቃው ሳይሆን የቃሉ ነው። ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መዝገበ ቃላቱን እንግለጥ። በጀርመን አገር በብዛት የሚጠቀሰው ዱደን የተባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከኮንራድ ዱደን ነው፤ ርእሰ መምህር ነበር። የመጀመሪያው የፊደል አጻጻፍ መዝገበ ቃላቱ የታተመው በ1880 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዛሬ በእጃችን ባለው እትም ሌፍል የሚለውን ቃል ብንፈልግ የምናገኘው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቃሉ ራሱ፤ ከዚያ ነጠላ ሰረዝና ዴር። ከዴር ቀጥሎ ድርብ ሰረዝ፤ ከዚያ አንዲት ጭረት ኤስ ከምትባለው ፊደል ጋር፤ በመጨረሻም ምንም ያልተከተላት ባዶ ጭረት።

ብዙ ተማሪ እነዚህን ጭረቶች ዘሎ ወደ ፍቺው ይሮጣል። እኔም እዘል ነበር። ዴርና ሁለቱ ጭረቶች ግን ሦስቱም ስለ ቃሉ ይመሰክራሉ። ዴር ማለቱ ቃሉ ወንድ ነው ማለት ነው። ኤስ የተከተለቻት ጭረት «የማንኪያው» ለማለት ስትፈልጉ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ኤስ ጨምሩ ትላለች፤ ዴስ ሌፍልስ። የመጨረሻዋ ባዶ ጭረት ደግሞ ብዙ ቁጥሩን ታሳያለች፤ ባዶ መሆኗ ቃሉ ለአንድም ማንኪያ ለአሥር ማንኪያም ሳይለወጥ ሌፍል ሆኖ እንደሚቀር ይነግራችኋል።

አሁን ሹካን ፈልጉ። ጋብል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ዲ። ቀጥሎ ያለችው ጭረት ባዶዋን ናት፤ ከዚያ ደግሞ ጭረትና ኤን የምትባለው ፊደል። የሁለቱን ቃላት የመጀመሪያ ጭረት አስተያዩ። ማንኪያ ኤስ ነበረው፤ ሹካ ምንም የላትም። በጀርመንኛ አንስታይ ስም በነጠላ ቁጥሩ «የ» የሚለውን ባለቤትነት ለማሳየት ብሎ ጭራ አያበቅልም። ይህን ካወቃችሁ ገጹ ተቀዶ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ዲ የምትለውን ማንበብ ቢያቅታችሁ እንኳ ከባዶዋ ጭረት ተነሥታችሁ ሴት መሆኗን መገመት ትችላላችሁ። የድሮ መዝገበ ቃላት ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ ለምትገዙ ሰዎች ይህቺ ብልሃት ትጠቅማለች።

ሁለት ቋንቋ ያላቸው ትንንሽ መዝገበ ቃላት፣ ለምሳሌ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙት፣ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ብለው በሙሉ አይጽፉም። ቦታ ለመቆጠብ ከቃሉ ጎን አንዲት ትንሽ ዘመም ያለች ፊደል ብቻ ያስቀምጣሉ። ኤም ካለች ተባዕታይ ነው፤ ኤፍ ካለች አንስታይ ናት፤ ኤን ካለች ገለልተኛ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት በዚህች ኤን ላይ ነው። እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የለመደ ሰው ኤን ሲያይ «ይህ ቃል ስም ነው» ማለት ይመስለዋል፤ እንግሊዝኛው ስምን የሚያመለክተው በዚያችው ፊደል ነውና። ስለዚህ ሜሰር ከሚለው ቃል ጎን ኤንን አይቶ «እሺ፣ ቢላ ስም ነው፣ ይህንንማ አውቃለሁ» ብሎ ያልፋል። ፆታው እዚያው ተጽፎለት ሳያየው አለፈ። አንዳንድ አሳታሚዎች ይህንን መደናገር ለማስቀረት ለገለልተኛው ፆታ ኤንና ቲን አንድ ላይ ይጽፋሉ። አዲስ መዝገበ ቃላት ስትገዙ መጀመሪያ የአሕጽሮተ ቃላት ዝርዝር ያለበትን ገጽ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ጀርባ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

«እሺ፣ ማንኪያ ወንድ ሹካ ሴት ናት አልከን፤ ባላውቀው ምን ይጎድልብኛል?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ነገሩን በአንድ ሰው ላይ እናስኪደው። ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ማዕድ ቤት ሥራ የጀመረች እህታችንን በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ጀርመንኛዋን በጆሮዋ እየለቀመች ነው የምትማረው። ዋናው ወጥ ሠሪ እያሳያት «ሚት ዴር ጋብል» ይላታል፤ በሹካው ማለቱ ነው። ጎበዝ ናትና ማታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ «ዴር ጋብል፣ ሹካ»።

በማግስቱ ሹካ ፈለገች። «ሹካውን እፈልጋለሁ» ለማለት የምታውቀውን ደንብ ተጠቀመች። ደንቡ ትክክል ነው፤ ተባዕታይ ስም ተሳቢ ሲሆን ዴር ወደ ዴን ይለወጣል። ስለዚህ «ኢሽ ብራውኸ ዴን ጋብል» አለች። ደንቡን ጠብቃ ተሳሳተች። ትክክለኛው «ኢሽ ብራውኸ ዲ ጋብል» ነበር።

ምን ተፈጠረ? ወጥ ሠሪው «ሚት ዴር ጋብል» ያላት ልክ ነበር፤ የሰማችውም ልክ ነበር። በጀርመንኛ ሚት ከሚለው መስተዋድድ በኋላ፣ ማለትም የእኛ «በ» ወይም «ከ… ጋር» ከሚሆነው በኋላ፣ አንስታይዋ ዲ ተለውጣ ዴር ትሆናለች። አዎ፣ የወንዱ የነበረው ዴር እዚህ የሴቷ ይሆናል። ወንዱ ዴር ደግሞ ዴም ይሆናል፤ ዳስም እንዲሁ ዴም። ሚት ዴም ሌፍል፣ በማንኪያው። ሚት ዴር ጋብል፣ በሹካው። ሚት ዴም ሜሰር፣ በቢላው። ስለዚህ ከዓረፍተ ነገር መሃል የለቀማችሁት ዴር ወንድ ነው ብላችሁ አትመኑት፤ ልብስ የለወጠች ዲ ልትሆን ትችላለች። መዝገበ ቃላት ግን ሁልጊዜ የሚጽፈው ቃሉ ባለቤት ሆኖ፣ ማለትም የዓረፍተ ነገሩ ጌታ ሆኖ ሲቆም የሚይዘውን አርቲክል ነው። መነሻው እሱ ነው። ከእሱ ተነሥታችሁ ሌሎቹን ታወጣላችሁ፤ ከሌሎቹ ተነሥታችሁ ግን እሱን ማግኘት አስተማማኝ አይደለም።

ተሳቢውን ካነሣን አንድ የማትረሱት ነገር ልንገራችሁ። እኛ «ማንኪያውን ስጪኝ» ስንል ተሳቢውን የምናውቀው በመጨረሻዋ «ን» ነው። ጀርመኑ ወንዱን ስም ተሳቢ ሲያደርግ ዴርን ዴን ይለዋል፤ እሱም በ«ን» ይዘጋል። አጋጣሚ ነው፣ ዝምድና የለውም፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል። ብቻ አደራ፣ ይህ ለወንዱ ብቻ ነው። ሴቷና ገለልተኛው ተሳቢ ሲሆኑ ንቅንቅ አይሉም። ማንኪያውን፣ ዴን ሌፍል። ሹካውን፣ ዲ ጋብል። ቢላውን፣ ዳስ ሜሰር። እንግዲህ የእኛን «ን» የት ማድረግና የት መተው እንዳለባችሁ ለማወቅ እንኳ መጀመሪያ ፆታውን ማወቅ ይኖርባችኋል።

«አንድ ማንኪያ፣ አንድ ቢላ» ብላችሁ ለማምለጥ ብትሞክሩም ጥቂት ብቻ ነው የምትሄዱት። አይን ሌፍል፣ አይን ሜሰር። ወንዱና ገለልተኛው እዚህ ተመሳሰሉ፤ ሴቷ ብቻ አይነ ጋብል ብላ ተለየች። አሁን «ትንሽ» የሚለውን ጨምሩበት። ትንሽ ማንኪያ፣ አይን ክላይነር ሌፍል። ትንሽ ቢላ፣ አይን ክላይነስ ሜሰር። ከአርቲክሉ የተደበቀው ፆታ በቅጽሉ ጭራ ላይ ብቅ አለ።

ብዙ ቁጥር ላይ ስትደርሱ ሌላ ወጥመድ አለ። በብዙ ቁጥር ሦስቱም ፆታ ዲ ይሆናል። ዲ ሌፍል፣ ዲ ጋብልን፣ ዲ ሜሰር። ሌፍል በብዙ ቁጥር እንደማይለወጥ ያቺ ባዶ ጭረት ነግራን ነበር። ስለዚህ «ዲ ሌፍል» ብሎ የሚናገር ጀርመን ብትሰሙ ማንኪያ ሴት ሆና አይደለም፤ ማንኪያዎቹ ማለቱ ነው። አርቲክሉ ብቻ ነው ብዛቱን የተሸከመው። ዴር ሌፍል አንድ ነው፤ ዲ ሌፍል ብዙ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያየናቸው ስሕተቶች ብዙ አይጎዱም፤ ሰሚው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ፍቺውን ራሱ የሚገለብጡ ግን አሉ። እስቲ አንድ የአማርኛ ቃል ልጥራ፤ መሪ። በእኛ ዘንድ መሪ የመኪና መሪም ነው፣ የሕዝብ መሪም ነው፤ ከንግግሩ ነው የምንለየው። ጀርመኖች የመኪናውን መሪ ዳስ ሽቶየር ይሉታል። ዲ ሽቶየር ካላችሁ ግን ያው ድምፅ፣ ያው ፊደል፣ ግብር ሆነ። ዳስ ከሆነ በእጃችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ፤ ዲ ከሆነች መንግሥት ከደመወዛችሁ ላይ ይቆርጣታል። የድርጅቱ መሪ ደግሞ ዴር ላይተር ነው። ዲ ላይተር ካላችሁ መሰላል ነው። «መሪውን ጥሩልኝ» ያለ ሰው መሰላል ቢመጣለት ጥፋቱ የመጣው ከአንዲት አርቲክል ነው።

መዝገበ ቃላቱ እነዚህን እንዴት ያስቀምጣቸዋል? ሁለት ጊዜ ይጽፋቸዋል። ሽቶየር ብላችሁ ስትፈልጉ አንዱ ከዳስ ጋር፣ ሌላው ከዲ ጋር ለየብቻቸው ታገኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያውን አይቶ የሚዘጋ ሰው ከግብር ቢሮ የመጣለትን ደብዳቤ ስለ መኪና መሪ ነው ብሎ ያነባል። ስለዚህ ከቃሉ በታች ያለውን መስመርም ዓይናችሁ ይይ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጀርመንኛ ስጀምር ደብተር ገዝቼ በግራ በኩል የጀርመንኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል አማርኛውን እየጻፍኩ ሞላሁት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ተጠቅሜ። አርቲክል ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩም፤ ትርፍ ነገር መስሎኝ። አስተማሪዬ ደብተሩን ገልጠው አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉትን ቃላት በጣታቸው እያሳዩ «ዴር? ዲ? ዳስ?» እያሉ ጠየቁኝ። ግማሹን ሳትኩ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ መዝገበ ቃላት እያየሁ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ፤ ቃሉን ከተማርኩት ይልቅ ፆታውን በኋላ ለመለጠፍ የፈጀብኝ ጊዜ በለጠ። ቃሉ በራሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ይዟል፤ አርቲክሉ ዘግይቶ ሲመጣ መቀመጫ አጣ። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ፣ ገለልተኛውን በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፉት ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ እንዲይዝ ነው። እኔ ያን ቀለም ለጌጥ ነበር ያዋልኩት።

ታዲያ እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላት ማየት ግድ ነው ወይ? ለሁሉም አይደለም። የቃሉ ጭራ የሚነግራችሁ ጊዜ አለ። «ኡንግ» የሚል ጭራ ተቀጥሎበት ከግሥ የወጣ ስም ሁሉ አንስታይ ነው፤ ጋዜጣ፣ ዲ ጻይቱንግም፣ በዚያው ጭራ አንስታይ ናት። በ«ሃይት»፣ በ«ካይት» እና በ«ሻፍት» የሚያልቁትም እንዲሁ ዲ ናቸው። «ሸን» የምትለዋ የማሳነሻ ጭራ ደግሞ የነካችውን ሁሉ ዳስ ታደርጋለች። ልጃገረድ በጀርመንኛ ሜትሸን ናት፤ ያቺ ጭራ ስላለችባት ዳስ ሜትሸን። ሴት ልጅ ገለልተኛ ሆነች ማለት ነው! አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌን በ1880 ስለ ጀርመንኛ በጻፈው የቀልድ ጽሑፍ ልጃገረዷ ፆታ ተነፍጋ የሥር አትክልቷ እንዴት ፆታ ተሰጣት ብሎ ተሳልቋል። እዚህ ላይ አንዳንድ የእኛ መምህራን ሦስተኛውን ፆታ «ግዑዝ» ብለው ሲተረጉሙት አልስማማም። ልጃገረድ ግዑዝ አይደለችም፤ ማንኪያም ወንድ አይደለም። ገለልተኛ ቢባል ይሻላል።

ረጃጅሞቹ የጀርመንኛ ቃላት ደግሞ ከሚያስፈራሩት በላይ ቀላል ናቸው። ጀርመን አገር የኖረ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ይዟት የሚዞራት የጤና መድን ካርድ አለች፤ ክራንከንፈርዚሸሩንግስካርተ ትባላለች። እስትንፋሳችሁን ሰብስቡና የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ ያዙ፤ ካርተ። ካርተ ዲ ናት፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ርዝመት ዲ ነው። በተጣመረ ቃል የሚገዛው የመጨረሻው ነው፤ ከፊት የተሰለፉት ቢበዙም ድምፅ የላቸውም። ትንሹ መዝገበ ቃላታችሁ ረጅሙን ቃል ባይዝ እንኳ መጨረሻውን ቆርጣችሁ ፈልጉ።

መዝገበ ቃላቱ ራሱ ያልቆረጠበት ቦታም አለ። እርጎ፣ በነሱ ዮጉርት፣ በዱደን ላይ «ዴር ወይም ዳስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ኢሜይል በጀርመን ዲ ነው፤ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ዳስም ሲሉት ይሰማል። ቫይረስ በሐኪሞች ዘንድ ዳስ ነው፤ መንገድ ላይ ዴር ሲባልም ትሰማላችሁ። ሁለት አርቲክል ተጽፎ ስታዩ ግራ አትጋቡ፤ መጀመሪያ የተጻፈውን ያዙና እሱኑ ሁልጊዜ ተጠቀሙ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጣልያንኛ የሚማሩ አድማጮችም ስላሉን ለነሱ ጥቂት ልበል። ጣልያንኛ ፆታው ሁለት ብቻ ነው። ብዙዎቹን ሳታውቁት ታውቋቸዋላችሁ። መርካቶ፣ ገበያው፣ ኢል መርካቶ ነው፤ ወንድ። ፒያሳ፣ አደባባይዋ፣ ላ ፒያሳ ናት፤ ሴት። መኪና የምንለው ቃልም ከእነሱ የመጣ ነው፤ ላ ማኪና ይሏታል፤ ሴት ናት። በ«ኦ» የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ወንድ፣ በ«አ» የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ሴት ነው። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት። እጅ፣ ማኖ፣ በ«ኦ» ያልቃል፤ ግን ላ ማኖ ናት።

በጣልያንኛ ፆታውን ካወቃችሁ በኋላ አንድ ደረጃ ይቀራል፤ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ። መጽሐፍ ኢል ሊብሮ ነው፤ የጀርባ ቦርሳ ግን በ«ዛ» ስለሚጀምር ሎ ዛይኖ ይሆናል። ሁለቱም ወንድ ናቸው። ቃሉ በአናባቢ ከጀመረ አርቲክሉ ይሸራረፍና ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ ጓደኛው ላሚኮ፣ ውኃዋ ላኳ። የመጀመሪያው ወንድ፣ ሁለተኛዋ ሴት፤ በጆሮ ግን አንድ ዓይነት «ል» ብቻ ነው የምትሰሙት። እዚያ ላይ አርቲክሉ አይነግራችሁም፤ የቃሉን መጨረሻ ወይም የመዝገበ ቃላቱን ትንሽ ፊደል ተመልከቱ።

እነዚህን ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ የሚያስቅ ነገር ታያላችሁ። እኛ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ «ጨረቃ ወጣች» እንላለን፤ ሁለቱም ሴት። ጀርመኖች ፀሐይን ዲ ዞነ፣ ጨረቃን ዴር ሞንድ ይላሉ፤ ፀሐይ ሴት፣ ጨረቃ ወንድ። ጣልያኖች ደግሞ ኢል ሶሌ፣ ላ ሉና፤ ፀሐይ ወንድ፣ ጨረቃ ሴት። ከላይ የምትወጣው ፀሐይ አንዲት ናት።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንሰናበት። ሦስት ቃል ነው። ቤት፣ ሃውስ። በር፣ ቲር፤ እዚህም ከንፈር አሹሉ። ቁልፍ፣ ሽሊሰል። የእያንዳንዱን አርቲክል ከመዝገበ ቃላት አውጡና ከቃሉ ፊት ጻፉት፤ ከቃሉ ኋላ ወይም ጎን ሳይሆን ፊት። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ዝጉና ሦስቱን ቃላት በአንድ ላይ ቀጥሉ፤ ሃውስቲርሽሊሰል፣ የቤቱ በር ቁልፍ። ዴር ነው፣ ዲ ነው፣ ዳስ? ፍንጩን ከካርዷ ጋር ሰጥቻችኋለሁ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናየዋለን፤ እስከዚያ ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)